ከስምንተኛው እርከን በላይ፦ በጎንደር በሻካራ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል የተንሸራተተበት ጉዳይ

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የቤታቸውን አሸንዳ ለመጠገን መሰላል የወጡ አንድ ግንበኛ ጎረቤቴ ከነመሰላሉ ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ወለም ብሎ፣ ክርናቸው ተልጦ ተረፉ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው በሄድኩበት ጊዜ ግቢው ገና አልተጠረገም ነበርና የሆነው ነገር ሁሉ ወለሉና ግድግዳው ላይ ተጽፎ አገኘሁት። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነበር። «መምህር፣ ሠላሳ ዓመት መሰላል ስወጣ ኖሬያለሁ። ይህ ግድግዳ እንደ ሞረድ የሚይዝ ነው፤ ሲያቆሙትም ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ስምንት እርከን ተሸክሞኝ ዘጠነኛው ላይ ለምን ከዳኝ?» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ነው፤ በእሳቸው ፈቃድ ነው የምጽፈው።

ቤቱ ጎንደር ውስጥ በብዛት እንደሚታዩት የቆዩ ቤቶች በጥቁር ቡናማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነባ ነው። የፋሲል ግቢን አጥር በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው የድንጋዩን ሻካራነት አይስተውም። ከግድግዳው ሥር ያለው በረንዳ ግን በሊሾ የተሠራ፣ በብዙ ዓመት መረገጥ የለሰለሰ ወለል ነው። መሰላሉ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ክብደቱ 16 ኪሎ ነው፤ እርከኖቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተመትተዋል። ጎረቤቴ ከነመሣሪያ ከረጢታቸው 64 ኪሎ ይመዝናሉ። ከአንድ ቀን በፊት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለውን አሮጌ የኖራ ልስን ፍቀው ስለነበር ወለሉ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ብናኝ ተነጥፎ ነበር።

በዚያ ብናኝ ላይ የመሰላሉ ሁለት እግሮች የቆሙበት ቦታ እንደ ማኅተም ታትሞ ይታይ ነበር። በሜትር ስለካው ከግድግዳው በትክክል 2 ሜትር ይርቃል። ከሁለቱም ማኅተሞች ወደ ውጭ የሚሄዱ ሁለት ንጹሕ፣ ቀጥ ያሉና እኩል የሆኑ መስመሮች ተስለዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የመሰላሉ ራስ ካረፈበት ቦታ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ የእንጨት ጭረት ነበር፤ ድንጋዩ የባሕር ዛፉን ቃጫ ነጭቶ ይዞ ቀርቷል። ይህ ጭረት ዋና ማስረጃ ነው። ግድግዳው አልያዘም የሚባል አይደለም፤ አቅሙ እስከሚችለው ድረስ ይዞ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ነው የለቀቀው። መሰላል የማይታጠፍ አንድ አካል ስለሆነ እግሩ ወደ ውጭ ሳይሄድ ራሱ ሊወርድ አይችልም፤ ራሱ ሳይወርድም እግሩ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ መንሸራተት የሚጀምረው የወለሉም የግድግዳውም ሰበቃ በአንድ ጊዜ አቅማቸውን ሲጨርሱ ነው። ሻካራ ግድግዳ ላይ የተደገፈን መሰላል ስሌት የሚያስችለውም ይኸው ነው። ከዚያ ወሰን በፊት የቱ ምን ያህል እንደተሸከመ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ወሰኑ ላይ ሲደረስ ግን ሁለቱም ሙሉ አቅማቸውን እንደሰጡ እርግጠኛ እንሆናለን።

ቀጥሎ ሁለቱን የሰበቃ ቁጥሮች መለካት ነበረብኝ። የሰበቃ ቁጥር ማለት አንድ ገጽ፣ በላዩ ላይ ለሚያርፍበት ለእያንዳንዱ ኪሎ ጫና፣ እስከ ስንት ኪሎ የሚደርስ ጎታች ኃይል ተቋቁሞ ሳይለቅ መቆየት እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። ለወለሉ ከመሰላሉ እግር ጋር ተመሳሳይ የሆነ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አስቆርጬ ባልተጠረገው ብናኝ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከላዩ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ጫንኩበትና ጠቅላላው 20 ኪሎ እንዲሆን አደረግሁ። ከዚያም በባለ መንጠቆ ሚዛን ወደ ጎን በቀስታ ሳብኩት። ቁራጩ ሊነሣ ሲል ሚዛኑ ያነበበውን መዘገብኩ። ቦታ እየቀየርኩ አምስት ጊዜ ስስብ ንባቡ በ8 እና በ9 ኪሎ መካከል ዋለለ። በእንዲህ ያለ ነገር አማካዩን መውሰድ አይገባም፤ መሰላሉ የሚንሸራተተው ደካማው ቦታ ላይ ሲቆም ነውና ትንሹን 8 ኪሎን ወሰድኩ። 8ን ለ20 ስናካፍል 0.4 ይሆናል።

ለግድግዳው ዘዴው ሌላ ነበር። ከግንቡ የወደቀ፣ ፊቱ ያልተነካ አንድ ድንጋይ ነበርና በአንድ ሳንቃ ላይ አስሬ፣ የእንጨት ቁራጩን በድንጋዩ ላይ አድርጌ፣ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልኩ አነሣሁ። ቁራጩ መንሸራተት ሲጀምር ከሥር ወደ ጎን በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ነበር። 30 ለ50 ሲካፈል 0.6 ነው፤ የዘዌ መለኪያም አያስፈልግም። ጎረቤቴ «እንደ ሞረድ» ያሉት እውነታቸውን ነው።

አሁን ስሌቱን እናድርግ። ኃይሎቹን ሚዛን እንደሚያነባቸው በኪሎ እጽፋቸዋለሁ፤ ሁሉንም በ9.8 አባዝቶ ወደ ኒውተን መለወጥ የመጨረሻውን መልስ አይቀይረውም። ወደ ታች የሚጫነው ጠቅላላ ክብደት 64 እና 16 ተደምሮ 80 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት ወደ ላይ የሚሸከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ወለሉ ነው፣ ሌላው ግድግዳው በሰበቃው ነው። ወለሉ የመሰላሉን እግር ወደ ውስጥ ይዞ የሚያስቀርበት ሰበቃ ወሰኑ ላይ ወለሉ ከተሸከመው 0.4 እጥፍ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ የሚገፋውም በዚያው ልክ ነው፤ ወደ ጎን የሚሠሩ ኃይሎች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ እኩል መሆን አለባቸው። ግድግዳው ደግሞ ከሚገፋው 0.6 እጥፍ ያህል ወደ ላይ ይይዛል። እነዚህን አንድ ላይ ስናደርጋቸው ወለሉ 64.5 ኪሎ፣ የግድግዳው ግፊት 25.8 ኪሎ፣ የግድግዳው ወደ ላይ መያዝ 15.5 ኪሎ ይሆናል። 64.5 እና 15.5 ተደምረው 80 ይሰጣሉ።

እግሩን እንደ ማጠፊያ አድርገን ስናየው፣ ግድግዳው መሰላሉን እንዳይወድቅ ደግፎ የሚይዝበት የማዞር አቅም ሁለት ክፍል አለው። እግሩ 2 ሜትር ስለራቀ የመሰላሉ ራስ ያረፈው 3.46 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ዘዌው 60 ዲግሪ ነው ማለት ነው። የ25.8 ኪሎው ግፊት በ3.46 ሜትር ከፍታ 89.4 ይሰጣል፤ የ15.5 ኪሎው ሰበቃ በ2 ሜትር ርቀት 31 ይሰጣል፤ ድምሩ 120.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኪሎ በሜትር ተባዝቶ ማለቴ ነው። ከዚህ ውስጥ የመሰላሉ የራሱ ክብደት፣ መካከሉ ከእግሩ አግድም 1 ሜትር ስለሚርቅ፣ 16 ይወስዳል። ለሰውየው የሚቀረው 104.4 ነው። ይህን ለ64 ኪሎ ስናካፍል 1.63 ሜትር እናገኛለን። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የጎረቤቴ ክብደት ከመሰላሉ እግር አግድም 1.63 ሜትር እስኪገባ ድረስ መሰላሉ ይሸከማቸዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይለቃል። ስምንተኛው እርከን ከእግሩ አግድም 1.60 ሜትር ላይ ነው፤ ዘጠነኛው 1.80 ሜትር ላይ ነው። ስምንተኛው ላይ የቀራቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ነበር።

ቁጥሩ ከሆነው ነገር ጋር ይህን ያህል መግጠሙ በከፊል ዕድል ነው። እኔ ክብደታቸው በቆሙበት እርከን ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ አድርጌ ነው ያሰላሁት። ሰው ግን ወደ ግድግዳው ተጠግቶ እጁን ወደ አሸንዳው ሲዘረጋ፣ የሰውነቱ የክብደት ማዕከል ከእግሩ አልፎ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ በስሌቱም አንድ እርከን የወጣ ያህል ሊቆጠር ይችላል። የመዶሻ ምትም መሰላሉን ያነዝረዋል። ስለዚህ ስምንተኛው ላይ እንኳ ቆመው ምስማር ቢመቱ ኖሮ ይይዛቸው ነበር ብዬ አልምልም።

ጎረቤቴ መሰላሉን እንዳቆሙ የመጀመሪያው እርከን ላይ ወጥተው ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ፈትነውት ነበር። ይህን የማያደርግ ግንበኛ አላየሁም፤ ፈተናው ግን የሚያሳስት ነው። የመጀመሪያው እርከን ከእግሩ አግድም የሚርቀው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሰውየው ክብደት እዚያ ላይ የሚፈጥረው የማዞር ጫና 12.8 ነው። የመሰላሉን 16 ስንጨምርበት 28.8 ይሆናል፤ ይህም ከ120.4 ሩብ እንኳ አይሞላም። ይባስ ብሎ ከታች ሲረገጥ ክብደቱ በሞላ ጎደል ወለሉ ላይ ስለሚያርፍ እግሩ ይበልጥ ይጣበቃል። በዚህ ዓይነት የሚፈተን መሰላል፣ ብናኝ ላይም ቆሞ፣ በ60 ዲግሪም ቢሆን፣ በ50 ዲግሪም ቢሆን ፈተናውን ያልፋል።

ከዚህ በላይ ግን ልቤን የነካው የግድግዳው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጎረቤቴ የተማመኑት በእሱ ነበር። ስሌቱን ግድግዳው ፍጹም ለስላሳ እንደሆነ አድርጌ ደገምኩት። ያኔ 80 ኪሎው ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ የወለሉ ሰበቃ 32 ኪሎ ይሆናል፤ ግድግዳውም 32 ኪሎ ይገፋል። በ3.46 ሜትር ከፍታ ይህ 110.9 ይሰጣል። 16ቱን ቀንሰን ለ64 ስናካፍል 1.48 ሜትር ነው። ከ1.63 ጋር ያለው ልዩነት 15 ሳንቲ ሜትር አግድም፣ በመሰላሉ ርዝመት ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ያ ሞረድ የመሰለ ድንጋይ ለጎረቤቴ የገዛላቸው አንድ እርከን የማይሞላ መንገድ ነው።

ምክንያቱን ቁጥሮቹ ራሳቸው ያሳያሉ። ሻካራው ግድግዳ 15.5 ኪሎ ወደ ላይ ሲይዝ ያንኑ ያህል ከወለሉ ላይ ያነሣል። ወለሉ የሚይዘው በተጫነው ልክ ነውና ጫናው ከ80 ወደ 64.5 ሲወርድ እግሩን የሚያስቀርበት ጉልበትም ከ32 ወደ 25.8 ይወርዳል። ግድግዳው በአንድ እጁ የሚሰጠውን በሌላው እጁ ይወስዳል። የሚሰጠው ከሚወስደው የሚበልጠው ሸክሙ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው፤ ሰውየው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሁለቱ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ለማንኛውም መሰላል የሚሆነውን ትንሹን ዘዌ የሚሰጠው ቀመር ይህን በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል፦

```
tan θ = k/μ₁ − μ₂·(1 − k)
```

እዚህ ላይ θ መሰላሉ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ዘዌ ነው፤ μ₁ የወለሉ፣ μ₂ የግድግዳው የሰበቃ ቁጥር ነው፤ k ደግሞ የሰውየውና የመሰላሉ ክብደት አንድ ላይ ተደምሮ ከመሰላሉ ርዝመት ስንት እጅ ላይ እንደሚያርፍ ይናገራል። ባዶ መሰላል ላይ k ግማሽ ነው። ጎረቤቴ ጫፍ ላይ ቢደርሱ 0.9 ይሆናል። የግድግዳው ቁጥር የሚባዛው በ1 − k ስለሆነ፣ ሸክሙ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር የግድግዳው ድርሻ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚህ ጉዳይ ባዶው መሰላል በሻካራው ግድግዳ ላይ እስከ 43.5 ዲግሪ ድረስ ሳይንሸራተት ይቆማል፤ ግድግዳው ለስላሳ ቢሆን 51.3 ዲግሪ ያስፈልገው ነበር። ወደ ስምንት ዲግሪ የሚጠጋ ትርፍ ነው። ሰውየው ጫፍ ላይ ሲሆኑ ግን የሚያስፈልገው በሻካራው 65.5፣ በለስላሳው 66 ዲግሪ ነው። ትርፉ ግማሽ ዲግሪ ሆኗል። ሰው ሲያቆመው «ንቅንቅ አላለም» የሚባለው መሰላል የመጀመሪያውን ትርፍ ነው የሚያሳየው፤ የሚወጣው ሰው ሕይወት የተንጠለጠለው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ያለ ቀመርም ማየት ይቻላል። ክብደቱ ሁሉ በመሰላሉ ራስ ላይ ቢሆን፣ የክብደቱም መስመር የግድግዳውም መልስ እዚያው ራሱ ላይ ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ወለሉ እግሩን የሚገፋበት አቅጣጫ ግዴታ የመሰላሉን ግንድ ተከትሎ ወደዚያው ነጥብ መሄድ አለበት፤ ግድግዳው ሻከረም ለሰለሰም ይህን አቅጣጫ ሊለውጠው አይችልም። ወለሉ ደግሞ ከቱንቢው መስመር ዘንበል ብሎ ሊገፋ የሚችለው በሰበቃው ልክ ብቻ ነው፤ በ0.4 ይህ 21.8 ዲግሪ ነው። መሰላሉ ከዚህ በላይ ከተጋደመ ወለሉ ሊከተለው አይችልም። ጫፍ ላይ ላለ ሰው የሚፈርደው ወለሉ ብቻ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወደ ወለሉ ተመለስኩ። ሊሾውን በመጥረጊያ ጠርገን፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለን፣ ሲደርቅ እንደገና ስስበው ትንሹ ንባብ 11 ኪሎ ሆነ፤ ቁጥሩ 0.55 ነው። በዚህ ወለል ላይ ጫፍ ድረስ ለሚወጣ ሰው ግድግዳውን ሳንቆጥር የሚያስፈልገው ትንሹ ዘዌ 58.6 ዲግሪ ነው። በቀደመው ቀን ወለሉ ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ በዚያው 60 ዲግሪ መሰላሉ ምናልባት ይይዛቸው ነበር። ጎረቤቴን የጣላቸው ብናኝ ራሳቸው ከግድግዳው የፈቁት ልስን መሆኑን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ግን 1.4 ዲግሪ ትርፍ ማለት እግሩን ከ8 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያለፈ ወደ ውጭ ማራቅ ያጠፋዋል ማለት ነው። ይህን ደኅንነት ልለው አልችልም። በወሰኑ ላይ ያለ መሰላል አንዴ መንቀሳቀስ ከጀመረ የሚመልሰው ነገር የለም፤ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ሰበቃ ከቆመው ያነሰ ነው፣ በዚያ ላይ እግሩ በራቀ ቁጥር ዘዌው ይባስ ይጠባል።

የመሰላል ሠሪዎችና የሥራ ደኅንነት ደንቦች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ልክ አራት ለአንድ ነው፤ መሰላሉ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። ዘዌው 75.5 ዲግሪ ይሆናል። ይህን በጎረቤቴ ጉዳይ ስፈትነው፣ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው ወለሉ ሊኖረው የሚገባው ቁጥር 0.23 ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ የብናኙ 0.4 እንኳ በሰፊው ይበቃል። መሰላሉም ከ3.46 ወደ 3.87 ሜትር ስለሚደርስ አሸንዳው ላይ ለመድረስ ጫፍ ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ከዚህ በላይ ማቅናት ግን ሌላ አደጋ ያመጣል፤ ሰውየው ወደ ኋላ ትንሽ ሲያዘነብል መሰላሉ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ጀርባው ሊገለበጥ ይችላል።

የቀረኝ ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያልተጠረገውን የበረንዳውን ጥግ ውኃ ረጭቼበት ኖራው ጭቃ ሲሆን ሳብኩት፤ 5 ኪሎ ላይ ተነሣ። 0.25 ማለት ነው። ያኔ የሚያስፈልገው 74.5 ዲግሪ ስለሆነ አራት ለአንድ የተባለው ልክ ራሱ የሚቀረው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። በጠባብ ቦታ እግሩን ማስጠጋት ለማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ሌላ መፍትሔ አሰላሁ። 50 ኪሎ አሸዋ የሞላ ጆንያ የመጀመሪያው እርከን ላይ ቢታሰር፣ በ0.4 ወለል ላይ ጫፍ ለሚወጣ ሰው የሚበቃው ዘዌ ግድግዳው ሳይቆጠር ከ66 ወደ 56 ዲግሪ ይወርዳል፤ ጆንያው ወለሉን ስለሚጫንና የሸክሙን ማዕከል ወደ ታች ስለሚያወርድ ነው። ረዳት ልጅ አንድ እግሩን ብቻ እርከኑ ላይ ጣል አድርጎ ሲቆም ግን ክብደቱ አብዛኛው በመሬት ላይ ባለው እግሩ ነውና ይህን ያህል አይጠቅምም።

ጎረቤቴ እጃቸው ሲሻላቸው ሥራውን ጨረሱ። ወለሉን አስጠረጉ፤ አንድ ሜትር የሚለካ ዘንግ ቆርጠው በግድግዳውና በመሰላሉ እግር መካከል አስተኝተው ልኩን ያዙ። ከዚያም የታችኛውን እርከን በገመድ ከመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ጋር አሰሩት። ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ካጠበቁት በኋላ ጎትተው ሲያዩት አየሁ። ስምንተኛው እርከን ላይ ቆመው የመጨረሻውን ምስማር መቱ።